ማታ የተሰራ ቅቅል ጠዋት ድረስ ለብ ብሎ ሲያድር

«ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ማታ 20 ሊትር የሚሆን የበሬ ቅቅል እሰራና እስኪቀዘቅዝ ምድጃው ላይ ትቼው እሄዳለሁ። ጠዋት ስከፍተው መሃሉ ለብ እንዳለ ነው፤ አንዳንዴም አረፋ ይዞ ይሸታል። ትኩሱን ፍሪጅ እንዳልከተው ፍሪጁን ያበላሸዋል ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ አረፋ የያዘውን መረቅ ድፊው። መልሰሽ ብታፈይውም አይድንም፤ አንዳንድ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ በእሳት አይጠፋም። ሽታ ባይኖረውም ለብ ብሎ ያደረውን ድፊው።

ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ስፖር የሚባለው ጠንካራ ዘሩ ግን ይተርፋል። መረቁ ለብ ሲል ዘሩ ይነቃል። 45 ዲግሪ አካባቢ አንዳንዱ በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ይህን ሙቀት ቶሎ ማለፍ አለብሽ። ባለሙያዎች የምንይዘው ልክ እንዲህ ነው፦ ከ57 ዲግሪ ወደ 21 በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ ወደ 5 ዲግሪ በሚቀጥለው 4 ሰዓት ውስጥ።

ትልቁን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ብትከቺው ይህን አያደርስም። አጠገቡ ያለውን ወተትና ስጋም ያሞቀዋል።

መጀመሪያ ስጋውንና አጥንቱን በጭልፋ አውጪና ሰፊ ትሪ ላይ ሳይደራረብ ዘርጊው። ከቡጢ የሚበልጠውን ቁረጪው። መረቁን ወንፊት አሳልፈሽ ለአራት የአሉሚኒየም ድስት አካፍይ። ፕላስቲክ ባልዲ ሙቀቱን ስለሚይዝ ለዚህ አይሆንም።

ድስቶቹን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጪ። የሳፋው ውሃ ከውጭ መረቁ እስካለበት ድረስ ይድረስ። አሁን ማማሰያ ያዢና ቶሎ ቶሎ አማስይ፤ መሃል ያለው ትኩስ ወደ ዳር ካልወጣ አይበርድም። ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞቃል፤ ደፍተሽ ቀይሪው። ሁለት ሦስት ጊዜ ስትቀይሪ መረቁ ለብ ይላል። በረዶ የምትጨምሪው ያኔ ነው። ብዙዎች ገና ሲያፈላ በረዶ ያስገባሉ፤ ወዲያው ቀልጦ ያልቃል። በረዶ የሚሸጥ ከሌለ የውሃ ፕላስቲኮችን አንገታቸው ድረስ ሳትሞይ ፍሪዘር አሳድሪና ሳፋው ውስጥ ጣያቸው።

ቴርሞሜትር ብትገዢ ጥሩ ነው፤ መሃሉ ላይ ለኪው። እስክትገዢ ድረስ ድስቱን ከውጭ በመዳፍሽ ዳብሺው። ለብ ማለቱ ሙሉ በሙሉ ቀርቶ ቀዝቃዛ ከሆነብሽ ወደ ፍሪጅ ይግባ። ላዩ የረጋውን ሞራ ግፈፊው፤ እንደ ብርድ ልብስ ሙቀት ይይዛል። ክዳኑንም ገርበብ አድርገሽ ተይው፣ በደንብ ሲበርድ ትከድኚዋለሽ። በ3 ቀን ውስጥ ጨርሺው።

ሽሮና ምስር ወጥ ወፍራም ስለሆኑ ከመረቅ የበለጠ ይዘገያሉ። እነሱን ትሪ ላይ ሁለት ጣት ውፍረት አድርገሽ ዘርጊያቸው።

ሰፈራችሁ ማታ ማታ ውሃ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ቅቅሉን ጠዋት ጣጂና በዕለቱ ሽጪው።