ፈረቃው ሲዞር ማስታወሻው በምን ይያዝ? (ጥያቄና መልስ)

«ፒያሳ አካባቢ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ሁለት ቀን ጠዋት፣ ሁለት ቀን ከሰዓት፣ ሁለት አዳር እገባና ሁለት ቀን አርፋለሁ። የስልኬ አላርም ሰኞ፣ ማክሰኞ እያለ ብቻ ነው የሚያስመርጠኝ። በየቀኑ ስነካካው እውላለሁ፣ አንዳንዴም እረሳዋለሁ።»

የእርስዎ ዙር 8 ቀን ነው፣ ሳምንቱ ደግሞ 7። ዙሩ ሰኞ ቢጀምር ቀጣዩ ማክሰኞ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ረቡዕ ይጀምራል። ተመልሶ ሰኞ ላይ የሚገጥመው ከ56 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ የሳምንት ቀን እየመረጡ የሚሞሉት አላርም ቢበዛ ለአንድ ዙር ይሠራል፣ በሁለተኛው ይዋሻል። ዙሩን መሸከም የሚችለው ካሌንደሩ ነው፣ «በየ8 ቀኑ ድገም» ሊባል ይችላልና።

ጉግል ካሌንደር ላይ የመጀመሪያው የጠዋት ፈረቃ የሚውልበትን ቀን ከፍተው «ጠዋት 1» የሚል ይመዝግቡ። `Does not repeat` የሚለውን ነክተው `Custom` ውስጥ ይግቡና 8 ቀን ይበሉት። ለ«ጠዋት 2»፣ «ከሰዓት 1»፣ «ከሰዓት 2»፣ «አዳር 1» እና «አዳር 2» እንዲሁ ያድርጉ። ስድስት ምዝገባ ነው፣ አንዴ ተቀምጠው ከጨረሱት ወዲያ አይነኩትም። ለአዳሩ ማብቂያውን ወደ ማግስቱ ቀን ማሻገር አይርሱ።

በሦስት ለምን አይበቃም የሚል ይኖራል። የመጀመሪያውና የሁለተኛው አዳር ዝግጅት አንድ ስላልሆነ ነው። ሥራዎ ምሽት 5 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ፣ በ«አዳር 1» ቀን ጠዋት ነቅተው ውለዋልና ከመግባትዎ በፊት ትንሽ ማሸለብ አለብዎት። ስለዚህ 8 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ማለትም ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ «ጋደም በል» የሚል ማሳሰቢያ ይግባበት። በ«አዳር 2» ቀን ግን 9 ሰዓት ላይ ገና ከእንቅልፍ መነሳትዎ ነው፣ ያው ማሳሰቢያ ቢመጣ ይስቁበታል። የሚስቁበትን ማሳሰቢያ ደግሞ ሳያዩ ማጥፋት ይለምዳሉ፣ ከዚያ ቁም ነገሩንም አብረው ያጠፉታል። ለሁለቱም አዳሮች የሚያስፈልገው ከመግቢያው 2 ሰዓት ቀደም ብሎ «ተነስ፣ ውጣ» የሚለው ነው፤ ከመሸ ታክሲ ይሳሳል።

አሁን ደካማው ጎን። የካሌንደር ማሳሰቢያ አንዴ ጭር ብሎ ዝም ይላል፣ የተኛ ሰው አይቀሰቅስም። የመቀስቀሱን ሥራ ለአላርሙ ይተዉለት። በስልኩ ሰዓት ላይ የመነሻ አላርሞችን በየስማቸው ያስቀምጡ፦ ለጠዋት ፈረቃ ንጋት 11 ሰዓት፣ ለከሰዓት ፈረቃ ጠዋት 3፣ ከአዳር መልስ ቀን 9። ሦስቱም የመደጋገሚያ ቀን አይመረጥላቸውም፣ ሦስቱም ጠፍተው ይቀመጣሉ። ካሌንደሩ ከጠዋት ፈረቃ 10 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ «የ11ን አላርም አብራ» ይልዎታል፤ አንድ ንክኪ ነው። መደጋገሚያ የሌለው አላርም አንዴ ከጮኸ በኋላ ራሱ ስለሚጠፋ በዕረፍት ቀን ንጋት ላይ አያስደነግጥዎትም።

ከባልደረባ ጋር ፈረቃ ሲለዋወጡ ያንን ቀን ብቻ ያንቀሳቅሱ። ስልኩ ሲጠይቅዎ `This event` የሚለውን ይምረጡ። `All events` ካሉ የዚያ ፈረቃ የወራት ምዝገባ በሙሉ ይንሸራተታል፣ ያንንም የሚያውቁት በማይገቡበት ቀን ሥራ ቦታ ሲገኙ ነው። አለቃው ዙሩን ራሱን ከቀየረ ግን መጠጋገን አያዋጣም። ስድስቱንም ከዚያ ቀን ጀምሮ `This and following events` ብለው ይሰርዙና አዲስ ይመዝግቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሁለተኛው አዳር ማግስት ያለው «ዕረፍት» የእንቅልፍ ቀን ነው። ባንክ፣ ወረዳ፣ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ማስታወሻ ሁሉ ሁለተኛው የዕረፍት ቀን ላይ ይዋል።

«ንጋት 11 ሰዓት እንዲጠራኝ 11 ብዬ ሞላሁ። የጮኸው ረፋድ ላይ፣ በአምስት ሰዓት ነው።»

ስልኩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ያድርጉት። ለቀን ሰዓት 6 ይደምሩ (ጠዋት 1 ማለት 07:00)፣ ከምሽት 1 እስከ 5 ላለው 18 ይደምሩ (ምሽት 5 ማለት 23:00)፣ ከሌሊት 6 እስከ ንጋት 11 ላለው 6 ይቀንሱ (ንጋት 11 ማለት 05:00)።

«ልደታ አካባቢ ነርስ ነኝ። ለታይሮይድ ሌቮታይሮክሲን "ጠዋት በባዶ ሆድ" ተብሎ ታዞልኛል። አዳር ስገባ ጠዋቴ የቱ ነው?»

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ዝም ብሎ በግምት ይኖራል፣ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። ማስታወሻ ከማስቀመጥ በፊት መለየት ያለበት ነገሩ የተያያዘው ከምን ጋር ነው የሚለው ነው፤ ከግድግዳው ሰዓት፣ ከእንቅልፍ መነሳት ወይስ ከሥራ መግቢያ? ከሥራ መግቢያ ጋር የተያያዘው (ዩኒፎርም፣ ምግብ መቋጠር፣ መውጫ ሰዓት) ከፈረቃው ጋር ይዞራል። ከግድግዳው ሰዓት ጋር የተያያዘው ፈጽሞ አይዞርም። የእርስዎ መድኃኒት መሐል ላይ ያለው ነው።

ሌቮታይሮክሲን ከሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ግማሹ ለመውጣት አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ጥቂት ሰዓት ወዲያና ወዲህ ማለቱ ብዙም አያናጋውም። የሚያበላሸው ምግብ፣ ቡና፣ የብረትና የካልሲየም እንክብል ነው፣ አንጀት እንዳይቀበለው ያደርጋሉና። «ጠዋት» የተባለውም ሆድ ባዶ የሚሆነው ያኔ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ለእርስዎ ጠዋት ማለት ከዋናው እንቅልፍ የተነሱበት ሰዓት ነው፦ መድኃኒቱ በውኃ፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቆይቶ ምግብና ቡና፣ ብረትና ካልሲየም ካለ ከ4 ሰዓት በኋላ።

ከላይ ባለው የ8 ቀን ዙር እናስላው። በ«አዳር 1» ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ተነስተው ይወስዳሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት ጋደም ብለው ሲነሱ አይወስዱም፣ ያ ሸለብታ እንጂ ዋና እንቅልፍ አይደለም። ማግስቱን ከሥራ ገብተው ተኝተው ቀን 9 ሰዓት ሲነሱ ይወስዳሉ፤ በመካከሉ 30 ሰዓት ሆኗል። ከ«አዳር 2» በኋላ ቀን 7 ሰዓት ተነስተው ወስደው፣ በቀጣዩ የዕረፍት ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ቢወስዱ ደግሞ ልዩነቱ 18 ሰዓት ነው። ለዚህ መድኃኒት ይህ ይቻላል። ለሌላ መድኃኒት ግን ከዚህ እንዳይገለብጡ።

የሚያሳስተው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መንቃት ነው፤ አንዱ ሁለቴ ያስውጣል፣ አንዱ «ወስጃለሁ» አሰኝቶ ያሳልፋል። አላርሙ ጮኾ መጥፋቱ መድኃኒቱ መዋጡን አያሳይም። ሰባት ክፍል ያለው፣ የቀኑ ስም የተጻፈበት የመድኃኒት ሳጥን ይያዙና ከነቁበት ቀን ክፍል ብቻ ያውጡ፤ ክፍሉ ባዶ ከሆነ ወስደዋል ማለት ነው። ማሳሰቢያውንም ከላይ በነገርኩዎት የመነሻ አላርም ስም ላይ ይጻፉት፦ «ተነስ + ክኒን»። ለሐኪምዎ ፈረቃ እንደሚዞርብዎ ይንገሩ፤ ቀጣዩ የደም ምርመራ ሲታይ ይጠቅማል።

«ታናሽ ወንድሜ የሚጥል በሽታ አለበት፣ መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ ይወስዳል። ካዛንቺስ ጥበቃ ተቀጥሮ ፈረቃው ሊዞር ነው። እሱም ሲነቃ ይውሰድ?»

አይሆንም። የእሱ መድኃኒት ከግድግዳው ሰዓት ጋር ነው የሚሄደው፤ ዶዝ ሲዘገይ በደም ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል፣ ያኔ ነው የሚጥለው። በየ12 ሰዓቱ ከታዘዘለት፣ በሦስቱም ፈረቃ ነቅቶ የሚገኝባቸውን ሁለት ሰዓቶች መፈለግ ነው። ፈረቃው ከላይ እንዳለው ከሆነ ጠዋት 2 እና ምሽት 2 ጥሩ ጥንድ ነው። ጠዋት 2 ላይ በጠዋት ፈረቃ ሥራ ላይ ነው፣ ከአዳር መልስም ገና አልተኛም። በከሰዓት ፈረቃ ብቻ እንቅልፉን ያቋርጣል፣ ውጦ ተመልሶ ይተኛ። ምሽት 2 ላይ ሁልጊዜ ንቁ ነው። ሁለት አላርም፣ በየቀኑ የሚደጋገም፣ ዓመቱን ሙሉ የማይነካ። የሁለት ቀን መድኃኒት ሁልጊዜ ኪሱ ይኑር፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ 2 ሰዓት ሊሞላ ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን የሚመጣው የነርቭ ሐኪሙ ካየው በኋላ ነው፣ እዚህ ላይ ችክ እላለሁ። እንቅልፍ ማጣት ራሱ ከሚጥሉት ነገሮች አንዱ ስለሆነ የሚጠየቀው «አዳር መግባት አለበት ወይ?» ጭምር ነው። የሚወስድበትን ሰዓት በራሱ እንዳያዛውር፣ ያለፈውንም ለማካካስ ሁለት አንድ ላይ እንዳይውጥ። የመጀመሪያው አዳር ከመድረሱ በፊት ይሂድ፣ የፈረቃውን ወረቀት ይዞ።

«የእኛ ፈረቃ ዙር የለውም። ዓርብ ዓርብ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ እንደ አለቃው ስሜት።»

እንግዲያው የማይዞረው ነገር ዓርብ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ «ፈረቃውን ፎቶ አንሳ፣ ካሌንደር ላይ ሙላ» የሚል አንድ ማሳሰቢያ ያስቀምጡ፣ የሰባቱን ቀን ያለመደጋገሚያ ይሙሉ። ዓርብ ከሥራ ውጭ ከሆኑ ፎቶውን የሚልክ ባልደረባ ይኑርዎ።

«የቤት ኪራይ ወር በገባ በአንድ ነው የምከፍለው። ስልኬ ግን በየወሩ ቀኑን ያዛባብኛል።»

ስልኩ የሚከተለው የፈረንጁን ወር ስለሆነ ነው። መስከረም 1 በእነሱ መስከረም 11 ላይ ቢውል፣ ነሐሴ 1 ግን ነሐሴ 7 ላይ ነው። «በየወሩ» ከማለት መስከረም 1 ላይ ጀምረው በየ30 ቀኑ፣ 12 ጊዜ ብቻ እንዲደገም ያድርጉ። ጳጉሜ ሲያልፍ አዲስ ይጀምራሉ። ሰዓቱን ምሽት 2 ያድርጉት፣ በየትኛውም ፈረቃ ነቅተዋልና ከስልክዎ ይልኩታል።

«ቀን ስተኛ ስልኩን አትረብሸኝ ላይ ባደርገው አላርሙ ይጮሃል?»

አብዛኛውን ጊዜ አላርም ያልፋል፣ የካሌንደር ማሳሰቢያ ግን ይታፈናል። አንድሮይድ ላይ `Do Not Disturb` ውስጥ ገብተው `Alarms` መፈቀዱን ይዩ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ የቀረው አላርም ሞልተው ይሞክሩት።

«ባለቤቴ "አላርምህ ሕፃኑን ቀሰቀሰው" ብላ ስልኩን ሳሎን ወሰደችው። ምን ላድርግ?»

የሚነዝር የእጅ ሰዓት ይግዙ።