የደረሰኝ ጥራዝ አንብቦ የተማሪዎችን ቀሪ ዕዳ ማውጣት፦ ጥያቄና መልስ

በግል ትምህርት ቤቶች የሒሳብ ክፍል 16 ዓመት ሠርቻለሁ። ያለ ተማሪ መዝገብ በደረሰኝ ጥራዝ ብቻ የቆዩ ትምህርት ቤቶችን ሒሳብ ደጋግሜ አቅንቻለሁ። የደረሱኝን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ።

ጀማሪ ገንዘብ ያዥ፣ ደብረ ብርሃን፦ እትዬ፣ ከእኔ በፊት የነበረችው ገንዘብ ያዥ ስትለቅ ያስረከበችኝ 9 የደረሰኝ ጥራዝ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ እስከ የካቲት መጨረሻ ማን ስንት እንዳለበት አውጪልኝ ብለዋል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከጥራዙ አትጀምሪ። ጥራዝ የከፈለውን እንጂ ያልከፈለውን አይናገርም። ከመስከረም ጀምሮ አንዲት ብር ያልከፈለ ተማሪ በ9ኙም ጥራዝ ውስጥ አታገኚውም፤ ትልቁ ዕዳ ያለው ግን እሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከመዝጋቢው የየክፍሉን የስም ዝርዝር ውሰጂ። ለእያንዳንዱ ልጅ ወርሃዊ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ቅናሽ ወይም ነጻ ትምህርት የተፈቀደለት እንደሆነ፣ በዓመቱ መካከል የገባ ወይም የለቀቀ እንደሆነ፣ ካለፈው ዓመት የተሻገረ ውዝፍ ካለበትም መጠኑን ጻፊ። መክፈል ያለበት ገንዘብ የሚታወቀው ከዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥራዞቹን በቀን ሳይሆን በታተመው ተከታታይ ቁጥር ደርድሪያቸው። ሁለት ጥራዝ በአንድ ጊዜ ሲሠራባቸው የቆየ ከሆነ ቀኖቹ ይቀላቀላሉ፤ ቁጥሩ ግን አይዋሽም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጥር ድረስ አንድም ሳትዘይ መዝግቢ። የተሰረዘውንም «የተሰረዘ» ብለሽ በዜሮ ብር አስገቢው። ደረሰኝ ሲሰረዝ ለወላጅ የሚሰጠው ዋናው ቅጠል ከቅጂዎቹ ጋር ጥራዙ ላይ መገኘት አለበት። ቅጂው ላይ ተሰርዟል ተብሎ ዋናው ቅጠል ከሌለ ገንዘቡ ተከፍሎ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው አውጥተሽ ለዳይሬክተሩ አሳዪ። ቁጥሩ ጭራሹን ከጎደለም እንዲሁ።

እያንዳንዱን ቅጠል ስታነቢ ዓይንሽ መጀመሪያ ማረፍ ያለበት «ምክንያት» ከሚለው መስመር ላይ ነው። ላይኛው ቀን ገንዘቡ የገባበት ነው፤ የየትኛው ወር ክፍያ እንደሆነ የሚነግርሽ ግን ምክንያቱ ነው። በየካቲት የተቆረጠ ደረሰኝ የጥር ሊሆን ይችላል፤ በነሐሴ የተቆረጠውም የመስከረም። «ከ» በሚለው ቦታ የተጻፈው ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ የአባት ወይም የእናት ነው። ተማሪው ከታች፣ ከምክንያቱ ጋር ተጠቅሶ ታገኚዋለሽ።

ያችው ገንዘብ ያዥ፦ የአንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ደረሰኞች 4 ናቸው። ደምሬ 14,700 ብር አገኘሁ። መክፈል የነበረባት 15,400 ስለሆነ ቀሪዋ 700 ብር ነው ብዬ ጻፍኩ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ የላክሽልኝን ፎቶ አንድ በአንድ አየሁት፤ ቀሪዋ 700 አይደለም። መክፈል ያለባት ላይ አልተሳሳትሽም፤ ምዝገባ 1,000፣ ወርሃዊው 2,400፣ ከመስከረም እስከ የካቲት 6 ወር፣ ድምሩ 15,400 ነው። ችግሩ ከደረሰኞቹ ንባብ ላይ ነው።

የነሐሴ 28ቱ ቁጥር 0412 የምዝገባ 1,000 እና የመስከረም 2,400 ነው፤ ሁለት መስመር አድርጊው። የኅዳር 3ቱ 0539 የጥቅምትና የኅዳር 4,800 ነው። እዚህ ላይ ካርቦኑ ደብዝዞ 4ቱ አኃዝ 1 ይመስላል። አንቺ በትክክል አንብበሽዋል፤ እርግጠኛ የምትሆኚው ግን «በፊደል» ከሚለው ቦታ «አራት ሺህ ስምንት መቶ» የሚለውን ስታዪ ነው። ፊደሉም ከደበዘዘ ቅጠሉን ወደ መስኮት ብርሃን አጋድመሽ ያዢው፤ የእስክሪብቶው ጫና ወረቀቱ ላይ ጎድጎድ ብሎ ይታያል።

የጥር 12ቱ 0688 ላይ 4,400 ብር አለ። ምክንያቱ ላይ ግን «የታኅሣሥ፣ ለእሷና ለእህቷ» ይላል። ታናሿ 3ኛ ክፍል ናት፤ ወርሃዊዋ 2,000 ነው። ስለዚህ ለታላቋ የሚያዘው 2,400 ብቻ ነው። የየካቲት 9ኙ 0731 ደግሞ 2,100 ይላል፤ ከዚህ ውስጥ 100ው የመዘግየት ቅጣት፣ 2,000ው «ከጥር ላይ» ተብሎ የተከፈለ ነው። ቅጣት ገቢ ነው፤ የትምህርት ክፍያን ዕዳ ግን አይቀንስም።

እንግዲህ ለእሷ የተከፈለው 3,400፣ 4,800፣ 2,400 እና 2,000 ሲሆን ድምሩ 12,600 ነው። ቀሪዋ 2,800 ብር ሆነ፤ ከጥር 400 እና የየካቲት ሙሉው 2,400። ቀሪውን እንዲህ በወር ከፋፍለሽ ስትገልጪው ከወርሃዊ ክፍያው ጋር የማይገጥም ከሆነ ስህተቱ ወዲያው ይታይሻል። አንቺ ባወጣሽው 700 ላይ የትኛው ወር እንደጎደለ ብትጠየቂ መልስ አልነበረሽም። በሌላ በኩል ታናሿ የታኅሣሥን እንዳልከፈለች ሆና ትቆጠር ነበር። አንዱ ልጅ ተርፎለት ወንድሙ ወይም እህቱ በአንድ ወር ልክ ሲጎድልበት፣ ያልተከፈለ ደረሰኝ ከመፈለግሽ በፊት ያልተከፋፈለ ደረሰኝ ፈልጊ።

የትምህርት ቤት ባለቤት፣ አዳማ፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? እኛ ጋ ወላጆች የሚከፍሉት በባንክ ነው። የባንኩን የሒሳብ መግለጫ አትሜ ስም በስም ብለቅም ይበቃኛል።

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱን ከባንኩ መግለጫ የተሻለ የሚያረጋግጥ የለም። ስለዚህ የአንድ ጥራዝ ድምር ባንክ ከገባውና በካዝና ካለው ጥሬ ገንዘብ ጋር መታረቅ አለበት። ነገር ግን መግለጫው ላይ የሚያዩት የአስገቢውን ስም ነው፤ አጎትም ጎረቤትም ሊያስገባ ይችላል። ስለየትኛው ልጅና ስለየትኛው ወር እንደሆነ የሚጻፈው ስሊፑ ቀርቦ ደረሰኝ ሲቆረጥ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚመዘግቡ ከሆነ ሌላ አደጋ አለ፤ ስሊፑንም ደረሰኙንም አስገብተው አንዱን ክፍያ ሁለት ጊዜ ይቆጥራሉ። የስሊፑን ቁጥር ከደረሰኙ ጎን በአንድ ዓምድ ይጻፉት፤ የተደገመ ቁጥር በቀላሉ ይታያል።

ወላጅ፣ ሐዋሳ፦ እህቴ፣ የልጄን የኅዳር ክፍያ ከፍዬ ደረሰኙ ጠፍቶብኛል። ትምህርት ቤቱ አልከፈልክም ይለኛል። አዲስ ደረሰኝ እንዲቆርጡልኝ ማስገደድ እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዲስ ደረሰኝ አይጠይቁ፤ በአንድ ክፍያ ሁለት ደረሰኝ ሌላ መምታታት ያመጣል። የእርስዎ ቅጠል ቢጠፋም ቅጂው ጥራዙ ላይ አለ። የከፈሉበትን ቀን በግምት ንገሯቸውና የዚያን ሳምንት ቅጠሎች አብረው ይዩ። በልጅዎ ስም ካጡት በእርስዎ ስም፣ ከዚያም በሌላው ልጅዎ ስም ይፈልጉ። ሲገኝ ቅጂው ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ማኅተም ይደረግበት።

ይህን ስጽፍ አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። ያን ጊዜ በምሠራበት ትምህርት ቤት የሦስት ወር ዕዳ አለብዎት የሚል ደብዳቤ በእጄ ጽፌ ላክሁላት። በማግሥቱ ደረሰኞቿን በመሐረብ ቋጥራ መጣች፤ ሁሉም የእኛ ነበሩ። ክፍያዋን የመዘገብኩት በስም ተመሳሳይ በሆነ ሌላ ልጅ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የዕዳ ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ያን ልጅ በጥራዙ ውስጥ እንደገና እፈልገዋለሁ።

የሒሳብ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር፦ በኤክሴል ሠርቼዋለሁ፤ ግን የአንዳንዱ ልጅ ክፍያ ድምሩ ውስጥ አይገባም፣ ቀኖቹም አንዳንዶቹ ወደ ግራ አንዳንዶቹ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ።

መልስ፦ የመጀመሪያው የፊደል ጉዳይ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ ለእኛ አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት። ደረሰኝ የሚቆርጥ ሰው ደግሞ በቸኮለ ቁጥር ፊደል ይለዋውጣል። በስም አይደምሩ። ለእያንዳንዱ ተማሪ መለያ ይስጡ፤ ለምሳሌ በ7ኛ ክፍል «ለ» ምድብ ለ14ኛው ተማሪ 7ለ14። ስሙ ለዓይን ይቀመጥ፣ ድምሩ ግን በመለያው ይሠራ። «ደረሰኝ» በሚለው ገጽ C ዓምድ መለያው፣ D የክፍያው ዓይነት፣ F ብሩ፣ በተማሪዎች ዝርዝር ገጽ A2 ላይ ደግሞ የልጁ መለያ ከሆነ የተከፈለው እንዲህ ይወጣል፦

```
=SUMIFS('ደረሰኝ'!F:F,'ደረሰኝ'!C:C,A2,'ደረሰኝ'!D:D,"ወርሃዊ")
```

ይህ ምዝገባንም ቅጣትንም አይደምርም። ለምዝገባው ሌላ ዓምድ ያዘጋጁ።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ጥቅምት 30ን 30/02 ብለው ሲጽፉ ኤክሴል በፈረንጆቹ የካቲት ውስጥ 30ኛ ቀን ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ወደ ግራ የሄደው ለዚህ ነው። ጥቅምት 5ን ግን እንደ ቀን ይቀበለዋል፤ ያም የእኛ ቀን አይደለም። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይጻፉ። «የተከፈለለት ወር» ደግሞ በሌላ ዓምድ በስሙ ይግባ።

ኦዲተር፣ አዲስ አበባ፦ አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ወላጅ ጥርን ሳይከፍል «የየካቲት» ብሎ 2,000 ብር ቢከፍል፣ ደረሰኙ የሚለውን ተከትሎ መመዝገብ ስህተት ነው። ክፍያ መጀመሪያ የቆየውን ዕዳ መዝጋት አለበት።

መልስ፦ የእርስዎን መንገድ የሚከተሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ቀሪ ዕዳው በጠቅላላ ስለማይለወጥም ሒሳቡ አይበላሽም። የሚለወጠው ቅጣቱ ነው። ጥር ክፍት ሆኖ ከቆየ ቅጣቱ በጥር ላይ ይቀጥላል፤ ወደ ጥር ካዞሩት ደግሞ የካቲት ይከፈታል። እኔ ግን ወላጁ በእጁ የያዘው ወረቀት «የካቲት» እያለ መዝገቤ «ጥር» ቢል በክርክር ጊዜ የምቆምበት አጣለሁ።

ኦዲተሩ፦ እንግዲያው ችግሩ ደረሰኙ ሲቆረጥ ነው። ገንዘብ ያዧ ጥር ክፍት መሆኑን አይታ «ከጥር ላይ» ብላ መጻፍ ነበረባት።

መልስ፦ መዝገቡ ከፊቷ ካለ አዎ። ለተቆረጡት ግን እኔ የተጻፈውን እከተላለሁ፤ እርስዎ የቆየውን ይዘጋሉ። የትኛውም ቢሆን የትምህርት ቤቱ አስተዳደር በጽሑፍ ይወስን፣ ለወላጆችም በምዝገባ ጊዜ ይነገር። የደብረ ብርሃኗ እህቴ፣ ይህን ከዳይሬክተርሽ ጋር ሳትወስኚ የቅጣት ዓምድሽን አትሙዪው።