የምረቃ ፎቶ ላይ ምን ልጻፍ? (መልስ)

«እህታችሁን እርዱኝ። ስለ ምረቃዬ 6 ደቂቃ ድምፅ ቀዳሁ፦ ዶርም፣ ፈተና፣ ከዚያ እማዬ ስድስት ኪሎ በር ላይ በዝናብ ቆማ ‹በልተሻል?› ስትለኝ። ከፎቶዬ ሥር ልጽፈው ስል ግን ሪፖርት ይሆንብኛል።»

ከእናትሽ ጀምሪ። ዶርሙንም ፈተናውንም ተዪው።

1. ምንም ሳትጽፊ ድምፁን አንዴ ስሚው። ድምፅሽ የሚሰበርበትን ደቂቃ ብቻ ያዢ። ከዚያ በፊት ያለው አብዛኛውን ጊዜ ማሟሟቂያ ነው።

2. እዚያ አካባቢ ያለውን 30 ሰከንድ ቃል በቃል ጻፊ። «ማለቴ»ን፣ «ምናምን»ን፣ ድግግሞሹን አውጪ፤ ግሶችሽን ግን አትንኪ። «ቆማ ትጠብቀኛለች» ያልሽውን «በትዕግሥት ስትጠባበቀኝ ቆይታለች» ካደረግሽው ሪፖርቱ ተመልሶ መጣ።

3. በሩንና ዝናቡን መጀመሪያው መስመር ላይ አድርጊ። ረዘም ያለ ጽሑፍ ስልክ ላይ ስለሚታጠፍ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። «አመሰግናለሁ» መጨረሻ ይምጣ፤ ባይመጣም አይጎድልም።

እንዲህ ይሆናል፦

«ስድስት ኪሎ በር ላይ፣ በዝናብ፣ ቆማ ትጠብቀኛለች። ስለ ፈተናው አትጠይቀኝም። ‹በልተሻል?› ነው የምትለኝ። እማዬ፣ ዛሬ በዚያው በር ጋዋን ለብሼ ወጣሁልሽ።»

ፈተናውን ጠይቃሽ ከነበረ ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር አውጪያት፤ ለማሳመር ብለሽ ያልሆነ ነገር አትጨምሪ።

ከመለጠፍሽ በፊት ደግሞ ለእናትሽ አንብቢላት። እኔ አባቴ ለትምህርቴ ሰዓቱን መሸጡን ሳላማክረው ጻፍኩ። ጎረቤት አንብቦ ሲጠይቀው አንገቱን ደፋ። ያኔውኑ አጠፋሁት፣ ግን ሰፈሩ አንብቦት ነበር።