በአንድ ቆጣሪ ሂሳብ ስንካፈል

«ከአከራዬ ጋር ቆጣሪያችን አንድ ነው። መብራትና ውሃ እኩል እንከፍላለን፣ እኔ ግን ብቻዬን ነኝ። ምን ላድርግ?»

ውሃውን በሰው ቁጥር ተካፈሉት። መብራት ላይ ግን ይሄ አይሠራም፣ ሂሳቡን የሚያንረው ምጣድ ነውና። እንጀራ ከመጋገሩ በፊትና በኋላ ቆጣሪውን በስልክህ ፎቶ አንሳና ለአከራይህ አሳየው፤ በሁለት ሰዓት ጋገራ ስድስት ሰባት ኪሎዋት ሰዓት ሊሄድ ይችላል፣ አንተ ደግሞ አምፖልና ቻርጀር ብቻ ነው ያለህ።

ዋናው መፍትሔ ኤሌክትሪሺያን በአንተ መስመር ላይ ንዑስ ቆጣሪ እንዲገጥም ማድረግ ነው። ከዚያ የወሩን ሂሳብ ዋናው ቆጣሪ በቆጠረው አካፍሉ። ለምሳሌ 1,800 ብር ለ300 ኪሎዋት ሰዓት ከመጣ አንዱ 6 ብር ነው፣ ያንተ 20 ከሆነ 120 ብር ትከፍላለህ። ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር ስለሚወደድ፣ በትልቁ ዋጋ ላስከፍልህ ቢልህ እንዳትስማማ።