ቀዩን ፊደል ማን አደበዘዘው?

«ደሴ ውስጥ የሰርግ መጥሪያና ባነር እሠራለሁ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቼ በኤችዲኤምአይ ከፎርኬ ቲቪ ጋር አገናኘሁት። 60 ሄርዝ ላይ ሳደርገው ጥቁር ላይ የጻፍኩት ቀይ ፊደል ይደበዝዛል። 30 ሳደርገው ይጠራል፤ ግን ማውሱ እየተንቀረፈፈ ያስመርረኛል። ግራፊክስ ካርዱ GTX 760 ነው። ኬብል ልቀይር?»

እህቴ፣ ኬብሉን ተይው። ኬብል ሲበላሽ ስክሪኑ ጠፋ መጣ ይላል፣ ወይም ነጠብጣብ ይታያል። ቀለም መርጦ አያደበዝዝም። ችግሩ ፖርቱ ነው። የዚያ ካርድ ኤችዲኤምአይ 1.4 ነው።

ይህ ፖርት በሰከንድ የሚያሳልፈው የምስል ዳታ ቢበዛ 8.16 ጊጋቢት ነው። ፎርኬ በ60 ሄርዝ፣ በሙሉ ቀለምና በ8 ቢት ግን 14.26 ገደማ ይፈልጋል። አይገባም። 30 ስትመርጪ የፍሬሙ ብዛት በግማሽ ይወርድና 7.13 ይሆናል። 60 ስትመርጪ ደግሞ ካርዱ ሳይነግርሽ ከቀለሙ ይቆርጣል። እሱም 7.13 ይመጣል። ወይ ከፍጥነቱ ወይ ከቀለሙ፣ ግማሹ መሄዱ አይቀርም።

የቀለሙ ቅነሳ YCbCr420 ይባላል። የእያንዳንዱ ፒክስል ብርሃን ለብቻው ይላካል። ቀለሙን ግን አራት ፒክስሎች ይጋራሉ፤ አራት ሰው አንድ ጋቢ እንደ መደረብ ነው። ጉም የለበሰ የጦሳ ፎቶ ብትከፍቺ ምንም አይታወቅሽም፤ ዓይናችን ከቀለም ይልቅ ብርሃንን አጥርቶ ያያል። ቀይ ግን የብርሃን ድርሻው ትንሽ ነው። ጥቁር ላይ ሲሆን የፊደሉ ቅርጽ በአብዛኛው የሚለየው በቀለሙ ነው፤ ቀለሙ ሲጋራ ቀጭኑ መስመር ወደ ጎን ይፈስሳል። ነጭ ላይ ጥቁር ጽፈሽ እዪው። እሱ ከጠራና ቀዩ ብቻ ከደበዘዘ ነገሩ ይኸው ነው። ሁለቱም ከደበዘዙ ግን የቲቪውን የሹልነት ማስተካከያ ፈትሺ።

ለማረጋገጥ ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ Change resolution ግቢና Output color format የሚለውን እዪ፤ 60 ላይ ሆኖ YCbCr420 ካለ ነገሩ ተረጋገጠ።

መፍትሔው ከካርድሽ ጀርባ አለ። ዲስፕሌይፖርት 1.2 አለው፤ 17.28 ጊጋቢት ያሳልፋል። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ 2.0 የሚቀይር አክቲቭ አዳፕተር ግዢ። «አክቲቭ» የሚለውን አትርሺ። ርካሹ ፓሲቭ እዚያው አሮጌው ችግር ላይ ይመልስሻል። ቲቪውም 2.0 የሚቀበል ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል፤ ሴቲንጉ ውስጥ የዚያን ቀዳዳ ሙሉ ቀለም ክፈቺና ፒሲ ሞድ ላይ አድርጊው። ከዚያ RGB እና 8 bpc ምረጪ። 10 ቢት አያምርሽ፤ ወደ 17.8 ስለሚወጣ የ2.0ን 14.4 ያልፋል።

አዳፕተሩ እስኪገኝ ዲዛይኑን በ60 ሥሪ፣ ቀለሙን ስታዪ ወደ 30 አውርጂ። ፋይሉ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። እስካሁን ያሳተምሽውን መጥሪያ አንስተሽ እዪው፤ ቀዩ ጥርት ብሎ ታገኚዋለሽ።