ስኳር ሳይኖርባቸው የስኳር መድኃኒት፦ አብስትራክቱን ለእናትሽና ለአጎቶችሽ ስትነግሪ

ጥያቄ፦ «አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። የልብ ድካም አለባቸው ተብሎ ዳፓግሊፍሎዚን ታዘዘላቸው። ስኳር የለባቸውም። አጎቶቼ "የስኳር መድኃኒት ለምን ይሰጣቸዋል?" ብለው ቤቱን አተራመሱት። ውጭ ያለው ወንድሜ ዳፓ-ኤችኤፍ የሚባለውን ጥናት አብስትራክት፣ ማለትም የጥናቱን አጭር ማጠቃለያ ላከልኝ። እንግሊዝኛው ይገባኛል። ለእናቴ በአማርኛ ሳስረዳ ግን ይምታታብኛል። እንዴት ላቅልለው?»

እህቴ፣ የልብ ክትትል ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ያ ጽሑፍ በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ ለብዙ ቤተሰብ አስረድቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ግን አበላሽቼዋለሁ፤ እሱን ልንገርሽ።

አንድ ቀን ከእናትና ከሁለት ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ አብስትራክቱን ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር ተረጎምኩላቸው። የተሳካልኝ መስሎኝ ነበር። እናትየው ዝም ብለው ሰሙኝ፣ አመሰገኑኝ፣ ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው «እንግዲህ የቀራቸው አንድ ዓመት ተኩል ነው ማለት ነው?» አሉኝ። ደነገጥኩ። አብስትራክቱ ውስጥ «18.2 ወር» የሚል ቁጥር አለ፤ እኔም እንዳለ አንብቤው ነበር። ቁጥሩ ተመራማሪዎቹ በሽተኞቹን የተከታተሉበት ጊዜ ነው። ግማሾቹን ከዚያ ላነሰ፣ ግማሾቹን ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ተከታትለዋል። እሳቸው ግን የባላቸውን ዕድሜ ቆጠሩበት። ከዚያ ወዲህ «ጥናቱ የቆየው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ነው፤ የጥናቱ ዕድሜ ነው እንጂ የሰው ዕድሜ አይደለም» ሳልል ያንን ቁጥር አላነሳም።

ስለዚህ መስመር በመስመር አትተርጉሚ። አብስትራክት የተጻፈው ለሐኪም ነው፤ ቅደም ተከተሉም የሐኪም ነው። እናትሽ መጀመሪያ ማወቅ የምትፈልገው «ይሄ ስለ እሳቸው ነው ወይ?» የሚለውን ነው። ከዚያ ጀምሪ።

መልሱ ያለው እዚያው አብስትራክቱ ውስጥ ነው፦ ጥናቱ የተሠራው ኢጄክሽን ፍራክሽናቸው፣ ማለትም ልባቸው በአንድ ምት ከያዘው ደም የሚገፋው መጠን፣ ከመቶ 40 ወይም ከዚያ በታች በሆነ ሰዎች ላይ ነው። በአጭሩ ኢኤፍ ይባላል። የአባትሽን የልብ አልትራሳውንድ ወረቀት አውጪና ኢኤፍ የሚለውን ፈልጊ። 30 ወይም 35 ከሆነ ጽሑፉ ስለ እሳቸው ዓይነት ሰው ነው። 55 ከሆነ ግን መድኃኒቱ አይሆናቸውም ማለት ሳይሆን፣ ወንድምሽ የላከው ወረቀት ስለ ሌላ ዓይነት የልብ ድካም ነው ማለት ነው። ያኔ ሐኪሙን ጠይቂ።

ይህን ቁጥር ለቤተሰብ ስትነግሪ ተጠንቀቂ። «ልቡ ከመቶ 30 ነው» ካልሽ የፈተና ውጤት ይመስላቸዋል፤ ወድቋል ይላሉ። እኔ የምለው እንዲህ ነው። ጀበና ስትቀጂ እስከ አተላው አታወርጂም፣ የሚቀር አለ። ልብም እንደዚያው ነው። ጤነኛ ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ከያዘው ደም ከመቶ 55 እስከ 70 ገደማውን ነው። ማንም መቶ የለውም። የአባታችሁ ልብ 30 ይገፋል፤ ስለዚህ ውኃ እግርና ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። እናትሽ ያበጠውን እግር ስላየች ይሄ ወዲያው ይገባታል።

ሁለተኛው ነገር አንዲት ትንሽ ሐረግ ናት። አብስትራክቱ በሽተኞቹ 10 ሚሊግራም ዳፓግሊፍሎዚን በቀን አንዴ ወይም ፕላሴቦ ወሰዱ ይልና «ከሚመከረው ሕክምና በተጨማሪ» ይላል። ሲያቃልል ሰው ቶሎ የሚጥለው ይህችን ነው፤ አንቺ ግን አትጣያት። ሁለቱም ወገኖች የተለመዱትን የልብ መድኃኒቶቻቸውን አላቆሙም ማለት ነው። «አዲሱ ይሻላል» የሚል ብቻ የሰማ ቤተሰብ አሮጌዎቹን ሲያስቆም አይቻለሁ። ፕላሴቦን ደግሞ «የውሸት መድኃኒት» አትበይ። አጎቶችሽ «ሰውን ያታልላሉ» ይላሉ። «መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ውስጡ መድኃኒት የሌለበት ክኒን» በይ። የቱን እንደሚወስድ በሽተኛውም ሐኪሙም አያውቅም፤ እንዲህ የተደረገው ማንም ለአንዱ ወገን እንዳያደላ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የውጤቱ ክፍል ለመድኃኒቱ ወገን 16.3፣ ለፕላሴቦው 21.2 ከመቶ ይላል። ቀጥሎ ሃዛርድ ሬሾ 0.74 ይላል፤ ሁለቱን ወገኖች የሚያነጻጽር ቁጥር ነው፣ 1 ቢሆን ልዩነት የለም ማለት ነበር። ያንን ይዞ ሰው «አደጋውን በ26 ከመቶ ይቀንሳል» ብሎ ይናገራል። ስሌቱ ስህተት የለውም። ሰሚው ግን «ከመቶ ሰው 26ቱ ይድናሉ» ብሎ ይይዘዋል። ያ ትክክል አይደለም።

ቃሉም ራሱ ያስቸግራል። «አደጋ» ስትይ እናትሽ የመኪና አደጋ ነው የሚታያት። «የመሞት ዕድል» ካልሽ ደግሞ ጆሮ ይቀፈዋል፤ በእኛ አነጋገር ዕድል ለሞት አይሆንም። ስለዚህ ሁለቱንም ትቼ ሰው እቆጥራለሁ። መቶ ሰው ያለ መድኃኒቱ፣ መቶ ሰው ከመድኃኒቱ ጋር። በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ 21 ሰው ላይ ያ የተፈራው ነገር ደረሰ። በሁለተኞቹ 16 ሰው ላይ። ልዩነቱ 5 ሰው ነው። ማንን እንደሚጠቅም አስቀድሞ አይታወቅም፤ ስለዚህ ለሁሉም ይሰጣል። ባቄላ ወይም ሽምብራ ጠረጴዛ ላይ ብትደረድሪ አጎቶችሽ ራሳቸው ይቆጥሩታል።

«የተፈራው ነገር» ምንድን ነው? ይህን ካላብራራሽ 21ዱም የሞቱ ይመስላቸዋል። ጥናቱ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ነው የቆጠረው፦ የልብ ድካሙ ብሶ ሆስፒታል መተኛት ወይም በድንገት ሄዶ በደም ሥር መድኃኒት መውሰድ አንድ፣ በልብና በደም ሥር በሽታ መሞት ሁለት። ለየብቻ ሲታይ፣ ብሶበት ሆስፒታል የሄደው ከመቶ 14 ገደማ የነበረው ወደ 10 ወረደ። በልብና በደም ሥር በሽታ የሞተው 11.5 የነበረው ወደ 9.6 ወረደ፤ ሁለት ሰው ገደማ ማለት ነው። ሒሳብ የሚወድ አጎት ካለሽ «10 እና 10 ሃያ ነው፣ እንዴት 16 ሆነ?» ይልሻል። በመጀመሪያ ሆስፒታል ገብቶ በኋላ የሞተ ሰው አለ። በጥምሩ ውስጥ የሚቆጠረው አንዴ ብቻ ነው። የሞቱን ቁጥር ግን እኔ ካልተጠየቅኩ አላወጣም። ከተጠየቅኩ አልደብቅም።

እዚያው ላይ አንድ ነገር ጨምሪ፦ መድኃኒቱን ከወሰዱት መቶ ውስጥም 16ቱ አልቀረላቸውም። ይህን ካልነገርሻቸው፣ አባትሽ አንድ ቀን ሆስፒታል ቢተኙ «ብለን ነበር፣ መድኃኒቱ አልሠራም» ብለው ያስቆሙታል።

በቅንፍ ያለውን ከ0.65 እስከ 0.85 የሚለውንና ፒ ቫልዩውን ለእናትሽ ተይው። ለአንቺ ግን፦ ያ ክልል እውነተኛው ጥቅም ከዚያ ትንሽ ሊያንስ ወይም ሊበልጥ እንደሚችል ነው የሚናገረው። ሁለቱም ጫፎች ከ1 በታች መሆናቸው ነው ዋናው።

የአጎቶችሽ ጥያቄ የሚመለሰው በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ጥቅሙ ስኳር ኖረም አልኖረም ታየ ይላል። ከተሳታፊዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስኳር የሌለባቸው ነበሩ። እኔ አስፕሪንን አነሳላቸዋለሁ። በልጅነታቸው ለራስ ምታት ነው የሚያውቋት፤ ዛሬ ልብ ያመመው ሁሉ ሲውጣት ያያሉ። ዳፓግሊፍሎዚንም መጀመሪያ የወጣው ለስኳር ነው፣ በኋላ ልብ ላይ ተሞክሮ ጠቀመ። «ስኳሩን አውርዶ ይጥለዋል» ለሚለው ፍርሃት ደግሞ አብስትራክቱ መልስ አለው፦ የደም ስኳር መውረድ፣ የኩላሊት ችግርና የሰውነት ፈሳሽ ማነስ በሁለቱ ወገኖች መካከል አልተለያየም።

ሁሉንም ስታጥሪው ለእናትሽ የሚነገረው ይህን ያህል ነው፦

«እማዬ፣ ጥናቱ የተሠራው እንደ አባዬ ልባቸው በደንብ በማይገፋ ወደ 4,700 ሰዎች ላይ ነው። ሁሉም የልብ መድኃኒታቸውን አላቋረጡም። ለግማሾቹ ይቺ ክኒን ተጨመረላቸው፣ ለግማሾቹ ባዶ ክኒን። ዓመት ተኩል ገደማ ተከታተሏቸው። ባዶዋን ከወሰዱት መቶ ሰዎች 21ዱ ብሶባቸው ሆስፒታል ገቡ ወይም በልብ ምክንያት አረፉ። ይቺን ከወሰዱት 16ቱ። ስኳር የሌለባቸውም ተጠቅመዋል። አባዬም የድሮዎቹን ሳይተዉ ነው የሚወስዷት።»

ከዚያ «ገባሽ?» ብለሽ አትጠይቂ። ሁሌም «አዎ» ነው መልሱ። ይልቅ «አጎቴ ሲመጡ እስቲ አንቺ ንገሪያቸው» በያትና አጠገቧ ሆነሽ ስሚ። «21ዱ ሞቱ» ካለች፣ ወይም «ሌላውን ትተው» ካለች፣ የቱ ጋ እንዳልተያዘ ወዲያው ታውቂያለሽ።

አብስትራክቱ ውስጥ የሌለ፣ ቤት ውስጥ ግን የሚያጋጥማችሁ ነገር አለ። መድኃኒቱ ስኳርና ጨው በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል። ስለዚህ ሽንት ይበዛል፣ ብልት አካባቢ ማሳከክ ሊመጣ ይችላል፤ አባቶች ይህን አፍረው ይደብቁታል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛቸው፣ ምግብም ካልበሉ፣ ክኒኑን ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ። አባትሽ ጿሚ ከሆኑም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ።

የሽንት ምርመራ ሲሠሩ ደግሞ ውጤቱ ላይ ስኳር ይወጣል። ያ ክኒኑ መሥራቱ ነው፤ ስኳር በሽታ ያዛቸው ማለት አይደለም። አጎቶችሽ ወረቀቱን ከማየታቸው በፊት ዛሬውኑ ንገሪያቸው።