ባትሪውን ተይውና በረዶ የሚይዝ ፍሪጅ ጠይቂ

«ጋሼ፣ ደላንታ ገጠር ውስጥ ያለ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። የክትባት ሶላር ፍሪጃችን ቀን ቀን 5 ዲግሪ ነው፣ ጠዋት ስከፍተው ግን 13 ይላል። ባትሪው አምና ነው የተቀየረው። ለፕሮፖዛሉ የፍሪጁን ክፍል እየጻፍኩ ነው፣ ሌላ ባትሪ ልጠይቅ?»

እህቴ፣ ቀን ደህና ውሎ ሌሊት የሚሞቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኮምፕረሰሩና ፓነሉ ጤነኛ ናቸው፣ የሞተው ባትሪው ነው። አምና የገባው የመኪና ባትሪ ነው አይደል? ሳላየው እወራረዳለሁ፣ ርካሽ ስለሆነ ሁሉም እሱን ነው የሚያስገባው። የመኪና ባትሪ ሞተር አስነስቶ ለማረፍ የተሠራ ነው እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ ለመሸከም አይደለም። ፀሐይ ከገባች በኋላ ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ባትሪው ላይ ሜትር አድርጊ፣ ባለ 12 ቮልት ሆኖ ከ11 በታች ከወረደ አለቀለት። ቀን ላይ ግን ፓነሉን በወፍራም ብርድ ልብስ ሳትሸፍኚ ገመድ እንዳትነቅዪ፣ ፀሐይ ያረፈበት ፓነል ማጥፊያ የለውም፣ የሚረጨው እሳት ያቃጥላል።

ፕሮፖዛሉ ላይ ባትሪ ከጠየቅሽ ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚሁ ችግር ላይ ነሽ። ዳይሬክት ድራይቭ የሚባለውን ጠይቂ፣ ፓነሉ ኮምፕረሰሩን ቀጥታ ያሽከረክራል፣ ለሌሊቱ የሚያስቀምጠው መብራት ሳይሆን በረዶ ነው። እዚች ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ደስ ስለምትለኝ ነው። 1 ኪሎ በረዶ ቀልጦ ውሃ እስኪሆን የሚውጠው ሙቀት ያንኑ 1 ኪሎ ውሃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ከሚያሞቀው ጋር እኩል ነው፣ ሻይ ልትጥጂበት ምንም አይቀርሽም በይው! ደግሞ ይሄን ሁሉ ሲውጥ ራሱ ከ0 ንቅንቅ አይልም፣ የመጨረሻዋ ቁራጭ እስክትቀልጥ። ስለዚህ የፍሪጁ ግድግዳ ውስጥ በረዶ እስካለ ድረስ፣ ደመና ሆነ ሌሊት፣ ክትባቱ ያለበት ክፍል አይሞቅም። በበረዶውና በክትባቱ መሀል መከለያ ስላለ ደግሞ አይቀዘቅዝበትም፣ ፔንታቫለንትን የመሰለው አንዴ በረዶ ከሆነ አይመለስማ።

እንዲህ ብለሽ ጻፊው፦ «ያለን ፍሪጅ ባትሪው ስለሞተ ሌሊት ከ8 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ የ30 ቀን የሙቀት መዝገብ አያይዘናል። የምንጠይቀው የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቀው፣ ያለ ፀሐይ ቢያንስ 3 ቀን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚይዝ ዳይሬክት ድራይቭ ፍሪጅ ሲሆን ፓነል፣ የፓነል ብረት፣ ገመድ፣ ማጓጓዣ፣ ተከላ፣ የሙቀት መመዝገቢያና መለዋወጫ አብረው ይካተቱ።» ሊትሩን ስታሰሊ ኦክሲቶሲንና ኢንሱሊንም የሚቀመጡ ከሆነ ደምሪያቸው። ተከላን ካልጻፍሽ ፍሪጁ ይመጣና ካርቶኑ ውስጥ ይከርማል፣ አይቻለሁ።

ቦታውንም ጥቀሺ። ፓነሉ ወደ ደቡብ ዞሮ ትንሽ ዘንበል ይላል፣ በደቡብ በኩል ባህር ዛፍ ካለ ዛፉ ይቆረጥ ወይ ፓነሉ ይዛወር፣ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ እንኳ ኃይሉን ክፉኛ ይቀንሰዋል። ገመድ በፕላስተር የሚቀጥል ሰው ከመጣ መልሺው፣ የድሮውን ሲፈታም ብርድ ልብሱን አልብሶ ይሁን፣ ደግሜ ልበል።

አዲሱ ሲተከል ባዶውን ይሥራ፣ በረዶው እስኪሞላ ቀናት ይፈጃል፣ መለኪያው ሌሊትም ቀንም ከ2 እስከ 8 ሳይቆም ክትባት አታስገቢ። አሁን 13 የነካውን ደግሞ ዝም ብለሽ አትጣይው፣ ብልቃጡ ላይ ያለውን የሙቀት ምልክት፣ ቪቪኤሙን፣ አይተሽ ለወረዳው አሳውቂ።